በየደቂቃው የሚነቃው ዘበኛ

ኮምፒውተር ማንም ሰው ቁልፍ ሳይነካ፣ አስቀድሞ በተነገረው ሰዓት ወይም ቀን ራሱ ጀምሮ የሚፈጽመው ተግባር የቀጠሮ ሥራ ይባላል። በዩኒክስና የእርሱን ፈለግ በተከተሉት እንደ ሊኑክስ ባሉ ሥርዓቶች ይህን ቀጠሮ የሚጠብቀው ፕሮግራም ክሮን ሲሆን፣ በ1979 እ.ኤ.አ. ከቤል ላብራቶሪ በወጣው ሰባተኛው የዩኒክስ ዕትም ውስጥ ይገኝ ነበር። ያ ጥንታዊ ክሮን አንዳች ረቂቅነት አልነበረውም፤ የቀጠሮውን ሰንጠረዥ ያነባል፣ ለዚያች ደቂቃ የተጻፈ ትእዛዝ ካገኘ ያስፈጽማል፣ ከዚያም አንድ ደቂቃ ተኝቶ እንደገና ይነሣል። በአለቆቹ ፈቃድ በሥራ ላይ የሚተኛ ዘበኛ ከዚህ በቀር መኖሩ ያጠራጥራል። ፖል ቪክሲ በ1987 እ.ኤ.አ. ያወጣው ክሮን በኋላ በሊኑክስ ዓለም በሰፊው ቢሠራጭም፣ ደቂቃን የጊዜ መለኪያው ትንሹ ክፍል አድርጎ የመቁጠሩ ልማድ ግን አልተለወጠም።

ሰንጠረዡ ክሮንታብ ይባላል። እያንዳንዱ መስመር ከአምስት የጊዜ ምልክቶች ይጀምራል፤ እነርሱም በቅደም ተከተል ደቂቃ፣ ሰዓት፣ የወሩ ቀን፣ ወርና የሳምንቱ ቀን ናቸው፤ ኮከብ ያለበት ቦታ «ሁሉም» ማለት ሲሆን፣ ከአምስቱ በኋላ የሚፈጸመው ትእዛዝ ይከተላል።

```
30 2 * * * /usr/local/bin/backup.sh
0 8 1 * * /usr/local/bin/remind.sh
```

የመጀመሪያው መስመር በየሌሊቱ መጠባበቂያ ቅጂ፣ ማለትም ዋናው መረጃ ቢጠፋ የሚተካውን ግልባጭ የሚያዘጋጅ ሲሆን፣ ሁለተኛው በየወሩ መጀመሪያ ቀን ለእድር አባላት የመዋጮ ማስታወሻ ይልካል እንበል። «30 2» ተብሎ የተጻፈው ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ነው፤ ክሮን ቀኑን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ስለሆነ ጧት ሲነጋ «አንድ ሰዓት» የሚለውን ሕዝብ አያውቀውም። ይባስ ብሎ ሰርቨሩ፣ ብዙ ጊዜ እንደሚደረገው፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት ተሞልቶ ከሆነ በመካከሉ የሦስት ሰዓት ልዩነት አለና፣ ቅጂው የሚጀመረው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ሥራው ረዘም ያለ እንደሆነም የጧት ሠራተኞች ኮምፒውተሩን ተንቀራፍፎ ያገኙታል።

ከዚህ የሚከፋው በዝምታ የሚመጣው ጥፋት ነው። በተቀጠረው ደቂቃ መብራት ጠፍቶ ኮምፒውተሩ ካልሠራ፣ ተራው ክሮን በማግሥቱ ያለፈውን አስታውሶ አይፈጽምም፤ ለዚህ ጉድለት አናክሮን የሚባል ሌላ ፕሮግራም አለ፤ እርሱ ሥራው መጨረሻ የተፈጸመበትን ቀን መዝግቦ ይይዝና፣ ቀነ ቀጠሮው ያለፈውን ኮምፒውተሩ ሲነሣ ያስፈጽማል። በእጅ ሲታዘዝ በትክክል የሠራ ትእዛዝም ክሮን ሲያዘው «አላገኘሁትም» ብሎ ሊወድቅ ይችላል፤ ምክንያቱም ክሮን ፕሮግራሞችን የሚፈልገው በጥቂት ማኅደሮች ውስጥ ብቻ ስለሆነ፣ ሙሉ አድራሻው ያልተጻፈለትን ፕሮግራም ሳያገኘው ይቀራል። ስለዚህ የትእዛዙ ውጤትና ስሕተት በማስታወሻ ፋይል እንዲመዘገብ ማድረግ ይገባል።

```
30 2 * * * /usr/local/bin/backup.sh >> /var/log/backup.log 2>&1
```

እድሩ የሚሰበሰበው በኢትዮጵያ ወር መባቻ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛው መስመር የባሰ ችግር ይገጥመዋል። ክሮን የሚያውቀው የጎርጎርዮስን ወሮች ብቻ ነው፤ በ2018 ዓ.ም. ጥቅምት 1 በኦክቶበር 11፣ ኅዳር 1 በኖቬምበር 10፣ ጥር 1 ደግሞ በጃንዋሪ 9 ስለዋሉ፣ ቋሚ ቁጥር ጽፎ ዓመቱን ሙሉ መገላገል አይቻልም። መፍትሔው ማስታወሻውን በየቀኑ መቅጠርና፣ ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወሩ መጀመሪያ መሆኑን ራሱ ፕሮግራሙ አስልቶ፣ ካልሆነ ምንም ሳይልክ እንዲያቆም ማድረግ ነው። ጳጉሜን በዚህ ስሌት እንደ ሙሉ ወር እንዳትቆጠር ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ የአምስት ቀን ወር የሠላሳ ቀን መዋጮ ትጠይቃለች፤ የእድሩ ዳኛም ለአባላቱ የሚመልሰው አያጣም ማለት ያስቸግራል። የጎርጎርዮሱን ወር የሚከተልም ቢሆን በ31ኛው ቀን ከቀጠረ፣ ማስታወሻው በዓመት የሚደርሰው ሰባት ጊዜ ብቻ ነው።

የቀጠሮ ሥራ የሚጀምር ሰው ሰንጠረዡን ጽፎ እንደጨረሰ በማግሥቱ ጧት የቅጂውን ፋይል ቀንና መጠን ይመልከት፤ ባዶ ፋይልም ቀኑን ጠብቆ ሊፈጠር ይችላልና፣ ከቅጂው አንዱን ሰነድ መልሶ አውጥቶ ከፍቶ ይፈትሽ።