«አባቴ፣ አንድ ማህተም ይጎድላል»

እንዲህ እንበል። ከጣራ ገዳም ሥር ያለ አንድ አርሶ አደር የታመመች ልጁን ይዞ ሆስፒታል ይደርሳል። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተሩ ታድሷል፤ ጤና ጣቢያው ሪፈር ጽፎለታል። ሐኪሙ ካዘዛቸው ሦስት መድኃኒቶች አንዱ ከሆስፒታሉ «የለም» ይባላል። ሰውየው ተበድሮ ከግል ፋርማሲ በ860 ብር ይገዛል። ልጅቱ ትድናለች። በሳምንቱ ገንዘቡን ለማስመለስ የመድን ቢሮ ሲሄድ ግን «አባቴ፣ አንድ ማህተም ይጎድላል» ይባላል።

ደቡብ ጎንደር ለዚህ መድን አዲስ አይደለም። ሙከራው በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ሲጀመር ፎገራ ከእነሱ አንዷ ነበረች። ሐሳቡ አባሉ ዓመታዊ መዋጮውን ከፍሎ ሲታመም ከኪሱ ሳያወጣ እንዲታከም ነው። መድኃኒት ሲጠፋ ግን ከኪሱ ያወጣል፤ ቢሮው ገንዘቡን የሚመልስ ከሆነም በወረቀት ማስረዳት አለበት።

አሁን ወረቀቱን እንይ። እንዲህ ዓይነት መመሪያ ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፦ «ተገቢው ማስረጃ ተሟልቶ ሲቀርብና በሚመለከተው አካል ሲረጋገጥ ክፍያ ይፈጸማል።»

ሰዋስዉ ምንም አይወጣለትም። ግን ማን ያረጋግጣል? «ሲረጋገጥ» የሚለው ግስ ባለቤቱን ውጦታል። «ተገቢው ማስረጃ» የትኛው ነው? ደግሞስ መቼ? የሰውየው ችግር ያለው እዚህ «መቼ» ላይ ነው። መድኃኒቱ እንዳልነበረ የሚመሰክረው ማህተም የሚመታው በዚያው ቀን፣ ከግዢው በፊት ነው። በሳምንቱ መድኃኒቱ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ የትኛው ፋርማሲስት «ያኔ አልነበረም» ብሎ ይፈርማል?

ሌላም ወጥመድ አለ። የግል ፋርማሲው መድኃኒቱን ሲሸጥ ዋናውን ማዘዣ ያስቀራል፤ ሥርዓቱ ነው። የመድን ቢሮው ደግሞ «ዋናውን ማዘዣ አምጣ» ካለ፣ ሁለቱ ቢሮዎች የየራሳቸውን ሥራ በትክክል እየሠሩ ሰውየው መሐል ላይ ይቀራል።

ስለዚህ የሰነዶቹን ስም መደርደር ብቻ አይበቃም። መመሪያው ሰውየው በሚሄድበት መንገድ ቅደም ተከተል መጻፍ አለበት፦

1. ሆስፒታል፣ ከመግዛትዎ በፊት፦ ማዘዣውን ፎቶ ኮፒ ያስነሱ። የሆስፒታሉ ፋርማሲ የጠፋውን መድኃኒት ስም ጠቅሶ፣ ዋናውም ኮፒውም ላይ «የለም» ብሎ ቀን ጽፎ፣ ፈርሞ ማህተም ይመታል።
2. የግል ፋርማሲ፦ ዋናውን ማዘዣ ይሰጣሉ፤ ኮፒው እርስዎ ጋር ይቀራል። ደረሰኙ ላይ የታካሚው ስም፣ የመድኃኒቱ ስም፣ ብዛትና ዋጋ መጻፉን ሳይወጡ ይዩ።
3. መድን ቢሮ፣ መርማሪው ባለሙያ፦ አራት ነገር ይዘው ይሂዱ፤ የታደሰ የመድን ደብተር፣ የሪፈር ወረቀት፣ ማህተም ያለው የማዘዣ ኮፒ፣ ደረሰኝ። የጎደለ ካለ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ጽፎ ይሰጥዎታል።
4. አስተባባሪው፦ የመርማሪውን ፊርማ አይቶ ያጸድቃል።
5. ሒሳብ ሠራተኛው፦ የሁለቱን ፊርማ አይቶ ይከፍላል።

ከሦስት እስከ አምስት ያለው ቅደም ተከተል እንዲሁ የመጣ አይደለም። አስተባባሪው ሳይመረመር ከፈረመ መርማሪው የመጨረሻው ሰው፣ ማለትም ሒሳብ ሠራተኛው ይሆናል። እሱ ደግሞ ስለ መድኃኒት አያውቅምና አንዳች ነገር ሲጠራጠር ፋይሉን ወደ መጀመሪያው ይመልሳል። ባለጉዳዩ «ጸድቋል» ተብሎ ሄዶ ባዶ እጁን የሚመለሰው እንዲህ ነው።

የደረሰኙም ነገር አለ። የካሽ ሬጅስተር ወረቀት ቀለሙ በሙቀት የሚወጣ ነው፤ ኪስ ውስጥ ከርሞ ነጭ ወረቀት ሆኖ ይገኛል። «በገዙበት ቀን ኮፒ ያስነሱ» የምትል አንዲት መስመር ክርክሩን ታስቀራለች።

ጽሑፉ መጥራቱን ማወቂያው ቀላል ነው። ሥራውን ለማያውቅ ሰው፣ ለምሳሌ ለአንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ አስነብቡትና «አሁን ወዴት ትሄዳለህ? ምን ይዘህ?» ብላችሁ ጠይቁት። የሚያመነታበት ቦታ መመሪያው የተበላሸበት ቦታ ነው። ማንበብ የማይችለው አባትም ወረቀቱን የሚያስነብበው ለዚሁ ልጅ ነው።

እርግጥ ነው፣ የጠራ መመሪያ የጎደለ ካዝና አይሞላም፤ የጠፋውን መድኃኒትም አያመጣም። በሌሊት በድንገተኛ የመጣና ፎቶ ኮፒ ቤት ተዘግቶ ያገኘ ታካሚም አለ፤ ለእሱ ምን እንደሚደረግ በዚያው ወረቀት ላይ ካልተጻፈ ደንቡ የሚቀጣው በጣም የታመመውን ነው። የጠራ መመሪያ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፦ ገንዘቡ ካልተከፈለ ምክንያቱ የሰውየው የጎደለ ወረቀት ነው ወይስ የቢሮው የጎደለ ገንዘብ፣ ይለያል። «አንድ ማህተም ይጎድላል» የሚለው መልስ ይህን ሁለቱን ሲያምታታ ኖሯል። 860 ብር የተበደረው አባት ደግሞ የትኛው እንደሆነ የማወቅ መብት አለው።