ጉርድ ፎቶ ሲለጠጥ

ለሙት ዓመት የሚሰቀል ትልቅ ፎቶ ሲፈለግ ብዙ ጊዜ እጃችን ላይ ያለችው 200 በ300 ፒክስል የሆነች ጉርድ ፎቶ ናት። ጎንና ቁመቷን አራት አራት እጥፍ ስናሳድገው 60,000 የነበረው ነጥብ 960,000 ይሆናል። ከ16 ነጥብ 15ቱን ኮምፒውተሩ ከራሱ ሞላ ማለት ነው።

«ኒረስት ኔበር» የቅርቡን ነጥብ ቀለም እንዳለ ይገለብጣል፤ የእማማ ጉንጭ የሴራሚክ ወለል ይመስላል። «ባይኪዩቢክ» ግን በዙሪያው ያሉትን 16 ነጥቦች አይቶ፣ ለቅርቦቹ የበለጠ ክብደት ሰጥቶ አዲስ ቀለም ያሰላል። ደረጃ ደረጃው ይጠፋል፤ ስለት የነበረው የቅንድብ መስመር ግን ቀስ እያለ የሚደበዝዝ ጥላ ይሆናል። ብዥታው እሱ ነው። ለፊት ይሄኛውን እንመርጣለን (ለባር ኮድ የመጀመሪያውን!)። ሽፋሽፍቱን ሁለቱም አይመልሱትም፤ ፋይሉ ውስጥ የለማ! ወረቀቱ ካለ በ1200 ዲፒአይ እንደገና ስካን አስደርጉት።