«አገዳውስ?» ብሎ የጠየቀው ገበሬ

ቆቦ ላይ በረዶ ማለት ከሰማይ ወርዶ ያሸተ ማሽላ የሚያራግፍ መዓት ነው። ከከተማ የመጣ አሠልጣኝ በወረዳው አዳራሽ ውስጥ የበረዶ ጡብ ሥሎ «ለውጥ ማለት ይህን ማቅለጥ፣ ቅርፁን መቀየር፣ ከዚያ መልሶ ማርጋት ነው» ሲል ከኋላ የተቀመጡት የልማት ሠራተኞች ፈገግ ቢሉ አይፈረድባቸውም። ውጭ ያለው ሙቀት ሌላ ነገር ይናገራል። ቢሆንም ማስታወሻቸው ላይ ሦስቱን ሣጥኖች ይሥላሉ፤ ማቅለጥ፣ መለወጥ፣ ማርጋት።

እነዚህ ሣጥኖች አገሪቱን ዞረው የጨረሱ ናቸው። ቢፒአር ሲመጣም፣ ካይዘን ሲመጣም ስለ ለውጥ አመራር በተሰጠ ሥልጠና ሁሉ አብረው አይጠፉም። ከሥልጠናው መጨረሻ ላይ ደግሞ «የለውጥ ተቃውሞን ማስተናገድ» የሚል ክፍል አለ። ሰው ለውጥን የሚቃወመው ልማድ ስለሚይዘው፣ የማያውቀውን ስለሚፈራና ጥቅሙ ስለሚነካበት ነው ይባላል። መፍትሔውም ግንዛቤ ማስጨበጥ ነው። ግንዛቤ ተጨብጦለትም መጠየቁን ያላቆመ ሰው አንድ ስም ይወጣለታል፤ የአመለካከት ችግር ያለበት።

የሣጥኖቹ ባለቤት የሚባለው ሰው ግን እንዲህ አላለም። ኩርት ሌዊን ሂትለር ሥልጣን በያዘበት በ1933 (እ.ኤ.አ.) ከጀርመን የወጣ አይሁዳዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ነበር። ስለ ሦስቱ ደረጃዎች የጻፈው በ1947 በታተመ ረጅም ጽሑፍ ውስጥ ጥቂት አንቀጾች ብቻ ነው፤ በዚያው ዓመት አረፈ። ዛሬ በየአዳራሹ የሚታየውን ትልቅ ሞዴል ያቆሙት ከእሱ በኋላ የመጡ ሰዎች ናቸው። የእሱ ዋና ሥራ ሌላ ቦታ ነበር፤ ሰዎች አንድን ነገር «እሺ» ብለው ሄደው ለምን እንደማያደርጉት መመርመር።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ሥጋ አጥሯት ነበርና የቤት እመቤቶች ልብ፣ ኩላሊትና የመሳሰለውን የሆድ ዕቃ እንዲያበስሉ ተፈለገ። (ዱለት ለሚወድ ሕዝብ ይህ ችግር መሆኑ ራሱ ያስቃል፤ እነሱ ዘንድ ግን የሚያስነውር ነበር።) ሌዊን ሴቶቹን በቡድን ከፈላቸው። ለግማሾቹ ቡድኖች ባለሙያ መጥቶ ስለ ጥቅሙና ስለ አሠራሩ ጥሩ ትምህርት ሰጠ። ሌሎቹ ግን እርስ በርስ እንዲወያዩ ተደረገ፤ «ባሌ አይበላልኝም»፣ «ሲበስል ይሸታል» የሚለው ሁሉ ወጣ፤ ባለሙያዋ መልስ የሰጠችው ጥያቄው ከራሳቸው ከመጣ በኋላ ነበር። በመጨረሻም ማን እንደሚሞክር እጅ አወጡ። በኋላ ሲጣራ ትምህርት ከተሰጣቸው ውስጥ ያበሰሉት 3 በመቶ፣ ከተወያዩት ውስጥ ደግሞ 32 በመቶ ሆኑ።

ሌዊን ከዚህ ሁለት ነገር አየ። አንደኛው፣ ሰውን አንድ ቦታ ላይ የሚያቆሙት ሁለት ዓይነት ኃይሎች ናቸው፤ ወደፊት የሚገፉትና ወደኋላ የሚይዙት። ግፊቱን ብትጨምር ሰውየው ይንቀሳቀስ ይሆናል፣ ነገር ግን ውጥረቱ አብሮ ይጨምራል፤ እጅህን ስታነሳ ይመለሳል። የያዘውን ነገር ብታነሳለት ግን ሳይገፋ ይሄዳል። ሁለተኛው፣ ሰው ከቡድኑ ልማድ ብቻውን መውጣት ይከብደዋል፤ ቡድኑ አብሮ ሲወስን ግን ውሳኔው ራሱ ያረጋዋል።

አሁን ከአዮዋ ወደ ራያ ቆላ እንምጣ። በዚህ ሜዳ የለውጥ ጥያቄ ማለት በአብዛኛው የማሽላ ጥያቄ ነው። ነባሩ ማሽላ፣ በተለይ ደጋሊት፣ ረጅም ነው፤ ሰው ውስጡ ገብቶ አይታይም። በሚያዝያ የበልጉ ዝናብ ሲጥል ይዘራል፣ የሚታጨደው ኅዳር አካባቢ ነው። ሰባት ወር ሙሉ ሰማይን ማመን ይጠይቃል። በልጉ ሲቀር ወይም ክረምቱ በነሐሴ መጨረሻ ሲቆም ማሳው አገዳ ብቻ ሆኖ ይቀራል። የምርምር ተቋማት ያቀረቡት መልስ በሐምሌ ተዘርቶ በአራት ወር ገደማ የሚደርስ አጭር ማሽላ ነው። አንዳንዱ አቀንጭራንም ይቋቋማል፤ በወልድያና በቆቦ መካከል ያለችውን ትንሽ ከተማ ስም የያዘው ጎብዬ የዚህ ዓይነት ነው። አቀንጭራን በሚቋቋም ማሽላ ሥራቸው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በ2009 (እ.ኤ.አ.) የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል። ዘሩ ሐሰት የለበትም ማለት ነው።

እንግዲህ ስብሰባው ተጠርቷል እንበል። ባለሙያው ስለ ኩንታሉ አስረድቶ ሲጨርስ አንድ አዛውንት ብድግ ይላሉ።

«ልጄ፣ ያልከው ሁሉ መልካም ነው። አገዳውስ?»

«አባቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ዋናው ግን ምርታማነት ነው። ሌላው በሚመለከተው አካል በቀጣይ የሚታይ ይሆናል።»

አዛውንቱ ይቀመጣሉ። ቃለ ጉባኤው ላይ «ለተነሡ ጥያቄዎች ምላሽ ተሰጥቶ ስብሰባው በስምምነት ተጠናቀቀ» ይጻፋል። በሐምሌ ግን ዘሩ መጋዘን ውስጥ ነው።

ምን ብለው ነው የጠየቁት? የደጋሊት አገዳ ከብቱ በበጋ የሚበላው ነው። ግጦሹ ካለቀ በኋላ በሬው እስከሚቀጥለው እርሻ ድረስ ቆሞ የሚቆየው በእሱ ነው። የተረፈው ይነድዳል፣ አጥር ይሆናል፣ ጎጆ ይሠራበታል። አጭሩ ማሽላ እህሉ ላይ በርትቶ አገዳው ላይ ይሰስታል። ስለዚህ አራት ጥማድ መሬት ላለው ሰው ሁሉንም በአጭሩ ዝራ ማለት በሬህን ሽጥ ከማለት አይርቅም። ይህ የአመለካከት ችግር አይደለም፤ ሒሳብ ነው። ባለሙያው ወረቀት ላይ ያላስገባውን ዓምድ ገበሬው በቃሉ ደምሮታል።

መልሱም ንግግር ውስጥ አልነበረም። «ከአራቱ ጥማድ ስንቱ ለበሬዎ ይበቃል?» ብሎ መጠየቅ ይቻል ነበር። ሁለቱ ከበቃ ሁለቱ በደጋሊት ይቆያል፤ ድርድሩ ስለ ቀሪው ይሆናል። የያዘውን ማንሳት ማለት ይህ ነው። ታዲያ ባለሙያው ለምን አይጠይቅም? እሱም የታሰረ ስለሆነ። በዕቅዱ ላይ በአዲሱ ዘር የሚሸፈን ሄክታር ተቆጥሮ ተሰጥቶታል፤ በግማሽ የተስማማ ገበሬ በሪፖርቱ ላይ ግማሽ ውድቀት ነው። መቅለጥ ካለበት ነገር አንዱ ይህ የሪፖርት ቅጽ ነው፤ ነገር ግን ሥልጠናው ላይ የበረዶው ጡብ ሁልጊዜ ገበሬው ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ከአገዳውም የከበደ ነው፤ ወፍ። ጎረቤቱ ሁሉ ደጋሊት በዘራበት አካባቢ አንድ ሰው ብቻውን አጭሩን ቢዘራ የእሱ ማሽላ ቀድሞ ወተት ይቋጥራል። ሌላው ገና ሳያሸት ወፉ የሚበላው ያለው እዚያ ማሳ ላይ ብቻ ነው። ግሪሳ በመንጋ ከመጣ ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ የቆመ ልጅ ምን ያህል ያስጥላል? ያውም ትምህርት ቤት በተከፈተበት ሰሞን። ብልጡና ደፋሩ ገበሬ፣ «ሞዴል» ተብሎ የተመረጠው፣ በመንደሩ ፊት ባዶ አገዳ ያጭዳል። በሚቀጥለው ዓመት ስለ አዲሱ ዘር የሚነገረው ወሬ ያ ማሳ ነው፤ ማንም ግንዛቤ ቢያስጨብጥ አያሸንፈውም።

የሌዊን ሁለተኛ ነጥብ እዚህ ላይ ሥጋና ደም ያገኛል። ከቡድኑ ብቻውን የወጣን ሰው የሚቀጣው ሐሜት ብቻ አይደለም፤ ወፉም ይቀጣዋል። ሃያ ገበሬ አንድ ላይ፣ አንድ ሰሞን፣ ጎን ለጎን ቢዘራ ግን ጉዳቱ ይከፋፈላል፤ ጥበቃውም በተራ ይሆናል። ኩታ ገጠም የሚባለው አሠራር ለዚህ የተመቸ ነው። ችግሩ ኩታ ገጠም ብዙ ጊዜ ከላይ ካርታ ላይ ተሠምሮ የሚወርድ መሆኑ ነው። መሬቱ ይገጥማል፣ ሰዎቹ ግን አልተገናኙም። መሐል ላይ ያለው አንዱ በሬ ስለሌለው ዘግይቶ ይዘራል፣ ሌላው መሬቱን ያከራየ ነው፣ ሦስተኛው ፊርማው በልጁ የተፈረመለት ነው። ወፉ ደግሞ ፊርማ አያይም፤ ቀድሞ የደረሰውን ያያል። በአዮዋ እጅ ያወጡት ሴቶች የቆዩበት ምክንያት ተያይተው ስላወጡ ነው። እዚህም ውሳኔው «ተስማምተናል» ከሆነ አይበቃም፤ የመዝሪያው ሰሞን የትኛው እንደሆነ፣ በሬ የሌለውን ማን እንደሚያርስለት፣ የወፍ ጥበቃው ተራ ከማን እንደሚጀምር እዚያው የተባለ መሆን አለበት።

ሦስተኛው ደረጃ፣ ማርጋቱ፣ ሥልጠና ላይ በአንድ ገጽ ያልፋል፤ ሰዓት ስለሚያልቅ ይሆናል። ለውጡ መርጋቱን ለማወቅ ግን መጋዘን ወይም ሪፖርት ማየት አያስፈልግም። ማሽላ በአብዛኛው ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ስለሆነ ገበሬው ከማሳው ላይ ጥሩ ጥሩውን ራስ መርጦ ለዘር ማስቀመጥ ይችላል፤ ብዙ ቤት ከምድጃው በላይ ጭስ እየጠገበ ተሰቅሎ ይቆያል። ከአጨዳ በኋላ ቤት ገብቶ ቀና ማለት ነው። የተሰቀለው ደጋሊት ብቻ ከሆነ አዲሱ ዘር በነፃ ወይም በብድር ስለመጣ ብቻ የተዘራ ነበር፤ ፕሮጀክቱ ሲወጣ አብሮ ይወጣል። የአጭሩም ራስ ጎን ለጎን ከተሰቀለ ማንም ሳያዝ ቤቱ ወስኗል።

እዚህ ላይ ሞዴሉ ራሱ ቆቦን አይመጥንም የሚል ሰው ይነሣል፤ እውነት አለው። የራያ ገበሬ ከጥንትም የረጋ ነገር የለውም። ሚያዝያ ላይ ከጣለ ደጋሊት፣ ካልጣለ አጭር ማሽላ ወይም ጤፍ፤ ዘንድሮ አንድ፣ ለከርሞ ሌላ። በየዓመቱ ሰማይ አይቶ የሚለወጥን ሰው «ለውጥ ተቃዋሚ» ማለት ይከብዳል። ስለዚህ እንዲረጋ የሚፈለገው የዘሩ ዓይነት ከሆነ ሞዴሉ ወድቋል፤ ደግሞም በጎ ዓመት ሲመጣ በአጭሩ የታሰረ ገበሬ ይከስራል። ሊረጋ የሚችለው ስምምነቱ ነው፦ በልጉ እስከ ግንቦት አጋማሽ ካልጣለ በወንዙ ማዶ ያለውን መሬት ሁላችንም በሐምሌ በአጭሩ እንዘራለን፣ በዚህኛው በኩል ያለው ለአገዳ ይቆያል። ይህ በወረዳ ዕቅድ ላይ የሚሞላበት ሣጥን የለውም። አዛውንቱ ግን አንዴ ቢጠየቁ፣ መሬቱን ከነድንበሩ በጣታቸው እያሳዩ፣ የትኛው ማሳ ለየትኛው እንደሚሆን ፀሐይ ሳይከር ይጨርሱታል።