«ቤቶች!» ብሎ የሚያበቃ ዜማ

ጎሮ ላይ ሳድግ የሰማሁት ሙዚቃ ሁሉ አንድ መስመር ነበረው። ወደ ሶፍ ዑመርና ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን የሚያልፉ ተጓዦች አንዱ ሲያወጣ ሌሎቹ ይቀበሉታል፤ የሚያወጣውም የሚቀበሉትም ያንኑ ዜማ ነው። ቤተ ክርስቲያንም መዘምራኑ ስንት ቢሆኑ ድምፃቸው አንድ ነው። ሠርግ ቤትም እንደዚያው። የተለያዩ ድምፆች በአንድ ጊዜ ተሰምተው ሌላ ነገር ሊወልዱ እንደሚችሉ ያወቅሁት በአሥራ አምስት ዓመቴ፣ ከአዲስ አበባ ተመድበው የመጡ አንድ የሒሳብ መምህር ከቤታችን ጎን ክፍል ሲከራዩ ነው። ጋሼ እላቸው ነበር።

ጋሼ ከፍራሽና ከመጻሕፍት ሌላ ይዘው የመጡት አንድ ኪቦርድ ብቻ ነበር። መብራት በሌለ ማታ ስድስት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ ይጎርሳል፤ ድንጋዩ ሲደክም ድምፁ ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ በሰማሁት ቀን በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ሦስት ጣታቸውን አንድ ላይ አሳረፉ፦ ዶ፣ ሚ፣ ሶል። ከዚያ እጃቸውን አንሥተው ፋ፣ ላ፣ ዶ። ቀጥለው ሶል፣ ሲ፣ ሬ። እዚያ ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩኝና እጃቸውን ሳያነሡ ቆዩ። ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ተንጠለጠለ። ወደ መጀመሪያው ሲመለሱ ትንፋሼ ወጣ።

«ምን ሆንክ?» አሉኝ።

«ቤት የገባሁ መሰለኝ፣ ጋሼ።»

ሳቅ ብለው ግባ አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት በኋላ እዚያ ነበርኩ።

የኮርድ አካሄድ ማለት ይኸው ከቤት ወጥቶ መመለስ መሆኑን ያስረዱኝ ወዲያው ነው። በዶ የሚጀምረው አንደኛው ኮርድ ቤት ነው። በፋ የሚጀምረው አራተኛው ከቤት ያወጣል። በሶል የሚጀምረው አምስተኛው ደግሞ ወደ ቤት የሚመልሰው መታጠፊያ ነው። የዜማው ሐረግ የሚያልቅባቸው የመጨረሻ ሁለት ኮርዶች ካደንስ ይባላሉ፤ ዜማው በምን ዓይነት መንገድ እንዳረፈ የሚናገሩት እነሱ ናቸው።

አንድ ቅዳሜ ጋሼ ከሮቤ የትውስት መጽሐፍ ይዘው መጡ። የእንግሊዝኛ የሙዚቃ ቲዎሪ መጽሐፍ ነው፤ በሳምንቱ መመለስ አለበት። ስለ ኮርድ አካሄድና ስለ ካደንስ የሚያወራው ምዕራፍ ሠላሳ ገጽ ያህል ነው። ፎቶ ኮፒ ለማንሣት ሮቤ ድረስ መሄድ ሊኖርብኝ ነው። ጋሼ አንድ ሉክ ወረቀት ሰጥተው፣ «ምዕራፉን በዚህች አንድ ገጽ አግባው። ኪቦርዱ ፊት ተቀምጠህ በአንድ ዓይን የምታያት ወረቀት ትሁን» አሉኝ።

መዝገበ ቃላት ይዤ ሁለት ማታ ደከምኩ። አራቱን የካደንስ ዓይነቶች ከነትርጉማቸው አሳምሬ ጻፍኩ። ኦተንቲክ ካደንስ፦ ከአምስተኛ ወደ አንደኛ። ፕላጋል፦ ከአራተኛ ወደ አንደኛ። ሃፍ፦ አምስተኛው ላይ የሚቆም። ዲሴፕቲቭ፦ ከአምስተኛ ወደ ስድስተኛ። በቀይ እስክሪብቶ ሁሉ አሰመርኩበት።

ጋሼ ወረቀቱን አነበቡት፤ ምንም ሳይሉ ጀርባዬን ወደ ኪቦርዱ እንዳዞር አደረጉና አሥር ማሳረፊያዎች ተጫወቱልኝ። አራቱን ብቻ አገኘሁ። ወረቀቱ በእጄ ነው፤ የተጻፈው ሁሉ ትክክል ነው፤ ግን አንዱም መስመር ጆሮዬን አልረዳውም። «ከአምስተኛ ወደ አንደኛ» የሚለው ለዓይን ነው፤ ጣቶቻቸውን እያየሁ ቢሆን ይጠቅመኝ ነበር። ጋሼ ወረቀቱን ገልብጠው ባዶውን ገጽ ሰጡኝ። «እያንዳንዱን ስትሰማ ምን እንደሆንክ ጻፍ። በጎሮ ቋንቋ ጻፍ» አሉኝ።

ያን ማታ እሳቸው እየደጋገሙ ሲጫወቱ እኔ ጻፍኩ። ኦተንቲክ «ቤት ገብቶ መቀመጥ» ሆነ። ምክንያቱንም ጋሼ በአንድ ጣት አሳዩኝ፤ አምስተኛው ኮርድ ውስጥ ያለው ሲ ለዶ ግማሽ ድምፅ ብቻ ስለሚቀረው ወደ ላይ ይጎተታል፤ ባሱ ደግሞ ከሶል ተነሥቶ ዶ ላይ በአንድ ዝላይ ያርፋል። ሃፍ ካደንስን ስሰማ ደግሞ የመጣልኝ ሰው ደጃፍ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ሲጠራ ነው። ደርሷል፤ ገና አልገባም፤ መልስ ይጠብቃል። ፕላጋል ከግቢ ሳይወጡ ከጓሮ ወደ ሳሎን እንደመግባት ነው፤ አራተኛውም አንደኛውም ኮርድ ውስጥ ዶ ስላለች፣ ከቤተሰቡ አንዱ መቼም ከቤት አልወጣም። ዲሴፕቲቭን «የጎረቤት ግቢ» አልኩት። መንገዱ ሁሉ ወደ ቤት ነው፤ በሩ ሲከፈት ግን ጎረቤት ቤት ነህ። የጎረቤትነቱም እውነት አለው፤ ቤቱ ዶ፣ ሚ፣ ሶል ነው፤ ስድስተኛው ላ፣ ዶ፣ ሚ። ሁለት ድምፅ ይጋራሉ።

በማግስቱ ሲፈትኑኝ ከአሥሩ ስድስት አገኘሁ። አራቱን የሳትኩበት ምክንያት አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ፤ የላይኛውን ድምፅ ብቻ ነበር የምከተለው። ዜማ ሰምቶ ያደገ ልጅ ሌላ ምን ያደርጋል? ዲሴፕቲቭ ሲመጣ ግን ከላይ ያለችው ሲ ልክ እንደ ኦተንቲኩ ዶ ላይ ታርፋለች። ከላይ ለሚሰማ ሰው ቤት ገብቷል። ልዩነቱ ከታች ነው፤ ባሱ ከሶል ወደ ዶ በመዝለል ፋንታ አንድ እርምጃ ብቻ ወጥቶ ላ ላይ ይቆማል። ኦተንቲክና ፕላጋልንም አቀያይሬ ነበር፤ ሁለቱም ቤት ስለሚገቡ።

ያኔ ጋሼ እስከ ዛሬ የምጠቀምበትን ዘዴ አስተማሩኝ። ዘፈኑ ሲጀምር የቤቱን ድምፅ፣ ዶን፣ ፈልገህ ያዝ። ማሳረፊያው ሲቃረብ አፍህን ዘግተህ እሷኑ ብቻ አንጎራጉር። ዶ ከአራተኛው ኮርድ ጋር ተዋሕዳ ትጠፋለች፤ ከአምስተኛው ጋር ግን ከሲም ከሬም ጋር ትፋጫለች፤ ጥርስህ ላይ ይሰማሃል። ይህን ስንጨምርበት ወረቀቱ የመጨረሻ መልኩን ያዘ። ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው፣ በቅደም ተከተል፦

አንደኛ፦ ሐረጉ የቆመበት ኮርድ ላይ ዶን አንጎራጉር። ከተፋጨ፣ ሃፍ ነው፤ ደጃፍ ላይ ነህ፣ «ቤቶች!»

ሁለተኛ፦ ከተስማማ ባሱን ስማ። ባሱ ላ ላይ ከቆመና የኮርዱ ፊት ከጠቆረ፣ ዲሴፕቲቭ ነው፤ ጎረቤት ገብተሃል።

ሦስተኛ፦ ባሱ ዶ ላይ ካረፈ፣ ከመጨረሻው በፊት የነበረው ኮርድ ላይ ዶን አንጎራጉር። ከተፋጨ ኦተንቲክ፣ ከተዋሐደ ፕላጋል።

በዚህ ወረቀት ከአሥሩ ዘጠኝ አገኘሁ። የሳትኩት አንዱ ከአምስተኛ ወደ አንደኛ ነበር፤ ነገር ግን ጋሼ አምስተኛውን ኮርድ ገልብጠው ሲን ከታች አድርገውታል። የለመድኩት የባስ ዝላይ ስለጠፋ ጥያቄዎቹን ትቼ «ይሄ አዲስ ነው» አልኩ። ደግመው ሲጫወቱት ሦስተኛውን ጥያቄ ጠየቅሁ፤ ዶ ተፋጨች። ኦተንቲክ ነው፤ አገባቡ ግን ለስለስ ያለ። ወረቀቱ ግርጌ ላይ «ባስ ቢገለበጥም ዶ አትዋሽም» ብዬ ጻፍኩ። ዘዴው ምን ላይ እንደሚደክምም ብዙ ሳይቆይ ታየ። በቤታችን ትንሽ ሬዲዮ ዘፈን ስሰማ ሁለተኛውን ጥያቄ መመለስ አልችልም ነበር፤ የሬዲዮው ድምፅ ማውጫ ባሱን አያወጣውም።

መጽሐፉ ከመመለሱ በፊት በነበረው ማታ ግን የራሳችን ጥያቄ መጣ። የትዝታ ዜማ በኪቦርዱ በአንድ ጣት እያነሣሁ ነበር። ጋሼ በግራ እጃቸው ኮርድ ሊያለብሱልኝ ሞከሩና ቆም አሉ። «እስቲ ድምፆቹን ቁጠራቸው» አሉኝ። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ፋ የለችም። ሲም የለችም። መጽሐፉ ሠላሳ ገጽ ሙሉ ያወራላቸው ሁለቱ ግማሽ ድምፆች፣ ወደ ዶ የምትወጣው ሲና ወደ ሚ የምትወርደው ፋ፣ ከትዝታ ቅኝት ውስጥ የሉም። ዜማው ቤት መግባቱን የሚያስታውቀው በሌላ መንገድ ነው ማለት ነው።

እንዲህ አደረግን። ዜማው ከሬ ወደ ዶ ሲያርፍ፣ ሬ አምስተኛው ኮርድ ውስጥ ስላለች ከሥሯ አምስተኛውን አደረግን። ከላ ወደ ዶ ሲያርፍ፣ ላ አራተኛው ውስጥ ስላለች አራተኛውን። ሁለቱም ያስኬዳሉ። ነገር ግን አምስተኛው ላይ ሲ ስትሰማ ዜማው ልብስ የተዋሰ ሰው መሰለ፤ ቅኝቱ የማያውቃት ድምፅ ገብታበታለች። ጋሼ ሲን ከመካከል አወጧትና ሶልና ሬን ብቻ ያዙ። ባሱ ከሶል ወደ ዶ ዘለለ። ቤት ገባን፤ ትዝታም ትዝታ እንደሆነ ቀረ። ዶን ሳንጎራጉርም ከሬ ጋር መፋጨቷ አልቀረም፤ ሦስተኛው ጥያቄ ያለ ሲም ይሠራል። የወረቀቱ የመጨረሻ መስመር የተጻፈው ያን ጊዜ ነው፦ «ትዝታ ሲሆን ምልክቱን ከላይ አትፈልግ፤ ከባሱ ፈልግ።» እሱም መጽሐፉ ውስጥ የሌለ መስመር ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ጋሼ ተዛወሩ። እኔም ለትምህርት ወጣሁ። ዛሬ ልጆች ኪቦርድ ሳስተምር ሦስቱን ጥያቄዎች እሰጣቸዋለሁ፤ ከጥያቄዎቹ ፊት ለፊት ያለውን ምሳሌ ግን ራሳቸው እንዲጽፉ ነው የማደርገው። አንዷ ሃፍ ካደንስን «ታክሲው ቆሞ በሩ ያልተከፈተ» ብላ ጻፈች። አዲስ አበባ ላደገች ልጅ ትክክል ነው።

ባለፈው መስከረም ለቤተሰብ ጉዳይ ከሮቤ ጎሮ ወረድኩ። የሰፈራችን መንገድ ሰፍቷል፤ የጋሼ ክፍል የነበረችበት ግቢ ግን እዚያው ነው፤ የቆርቆሮ በሩም አልተቀየረም። ማን እንደሚኖርበት አላወቅሁም። ከውስጥ የቡና ወቀጣ ይሰማል። በሩ ፊት ቆምኩ፤ ዶን በአፍንጫዬ አንጎራጎርኩ።

«ቤቶች!» አልኩ።

ወቀጣው ቆመ።