ሕመሙ ጉልበትን ያልፋል ወይስ አያልፍም?

መስከረም ላይ ወገቤን ይዤ እንደ ሽማግሌ ስራመድ ያያችሁኝ ሁሉ ምርመራ አድርጋችሁልኛል 😀 አንዱ «ብርድ ነው» አለኝ፣ ሌላው «ኩላሊትህን ታይ»፣ አብዛኛው ሰው ደግሞ «ነርቭ ነው፣ ተጠንቀቅ!» እኛ ጋ ወገብ ከታመመ ሁሉም ነገር ነርቭ ነው። የኔ ግን ጡንቻ ነበር። ነርቭ የሆነው አብሮኝ ሲሸከም የዋለው ጓደኛዬ ነው። በአንድ ቀን፣ በአንድ ሥራ ሁለት የተለያየ ሕመም ስላየሁ ልዩነቱን ልጻፍላችሁ።

የመማሪያ መጻሕፍት መጥተው ካርቶኖቹን ወደ መጋዘን እያስገባን ነበር። አንዱን አንስቼ ወደ ጎን ስዞር ቀኝ ወገቤን ጭምድድ አድርጎ ያዘኝ። በማግስቱ ጠዋት ካልሲ ማጥለቅ አቃተኝ። ከአከርካሪው ጎን ያለው ጡንቻ እንደ እንጨት ደርቋል፣ ሲነካ ያማል። ብዙ ስቀመጥ ይብስበታል፣ ትንሽ ስራመድ ደግሞ ይፍታታል። ሕመሙ ወረደ ከተባለ እስከ መቀመጫዬ ነው፤ እግሬ ላይ ምንም የለም። የጡንቻው ቃጫዎች ከመጠን በላይ ሲለጠጡ ይጎዳሉ፣ በዙሪያቸው ያለው ጡንቻ ደግሞ ቦታውን ለመከላከል ይሸማቀቃል። ያ ድርቀት እሱ ነው። ቀስ እያልኩ እየተንቀሳቀስኩ በሁለት ሳምንት ለቀቀኝ።

የሒሳብ መምህሩ ጓደኛዬ ግን በዕለቱ ወገቡን ትንሽ ከማለት በቀር ምንም አላለም። በሦስተኛው ቀን ስቴፍ ውስጥ አስነጠሰውና ጠረጴዛውን ጨምድዶ ያዘ። «ወገቤማ ደህና ነው፣ እግሬ ነው እንጂ! ከመቀመጫዬ ጀምሮ በጭኔ ኋላ፣ በባቴ አድርጎ እስከ ትንሿ ጣቴ እንደ ኤሌክትሪክ ነዘረኝ» አለን። ትንሿ ጣቱና የእግሩ የውጭ ጠርዝ ደንዝዟል። ሲቀመጥ ይብስበታል።

ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። በአከርካሪ አጥንቶቻችን መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግል ዲስክ አለ፤ ውስጡ ለስላሳ ነው። የውጭ ሽፋኑ ሲሰነጠቅ ውስጡ ይወጣና አጠገቡ ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ይጫናል፣ ያስቆጣዋል። የተነካው ወገብ ላይ ቢሆንም ሕመሙ የሚሰማው ነርቩ በሚሄድበት መንገድ ሁሉ ነው። ማሳልና ማስነጠስ ግፊቱን ስለሚጨምሩ ይነዝራል። ስለዚህ ሰው ወገቤን ሲላችሁ «የት ድረስ ይወርዳል?» ብላችሁ ጠይቁት። የጡንቻ ሕመም አልፎ አልፎ ጭን ድረስ ቢሰማም ከጉልበት በታች እምብዛም አይወርድም። ከጉልበት አልፎ እግር መዳፍ ከደረሰ፣ በተለይ መደንዘዝ ካለው፣ ነርቭን ጠርጥሩ።

ሐኪም ቤት አብሬው ሄድኩ። ሐኪሙ በጀርባው አስተኝቶ ጉልበቱን ሳያጥፍ እግሩን ቀስ አድርጎ ሲያነሳው፣ ግማሽ መንገድ ላይ ያው ንዝረት እስከ ባቱ ወረደ። (ጭን ኋላ ላይ ብቻ መወጠር ብዙዎቻችን አለን፣ እሱ አይቆጠርም።) ቀጥሎ በአንድ እግሩ ቆሞ በጣቶቹ ጫፍ እንዲነሳ አዘዘው። በደህናው እግሩ ተነሳ፣ በታመመው ግን ተረከዙ ከመሬት በደንብ አልለቀቀም። ከሕመሙ ይልቅ ሐኪሙን ያሳሰበው ይሄ ድካም ነው። በተረከዝም አራምዶታል፤ የእግሩ ፊት ወደ ላይ አልነሳ ቢል ኖሮ የተነካው ሌላኛው፣ ከፍ ያለው ነርቭ ነበር።

እኛ ኤምአርአይ ጠብቀን ነበር። ሐኪሙ ግን ምንም ሕመም የሌለባቸው ብዙ ሰዎችም ሲነሱ ያበጠ ዲስክ እንደሚታይ፣ አብዛኛው ሰውም ያለ ቀዶ ሕክምና በሳምንታት ውስጥ እንደሚሻለው ነገረን። ማስታገሻ ሰጠው፣ አልጋ ላይ መዋልን ከለከለው፣ ድካሙን ለማየት በየሳምንቱ ቀጠረው። ድካሙ ከባሰ ግን ቶሎ እንደሚያስነሳውና ቀዶ ሕክምናም ሊታሰብ እንደሚችል ነገረው። በመንገዱ አንድ ነገር ታዘብኩ፦ ሕመሙ ሲሻለው ወደ ላይ ነው የሸሸው። መጀመሪያ እግሩን፣ ከዚያ ባቱን ለቀቀ፣ መጨረሻ ላይ ወገቡ ብቻ ቀረ። ወገቡ ሲብስበት ደንግጦ ነበር፣ ግን ጥሩ ምልክት ነው። አሁን ኅዳር ላይ በጣቱ ይቆማል፤ ትንሿ ጣቱ ብቻ ገና እንደደነዘዘች ናት።

እግር የደነዘዘበትን ሰው ወጌሻ ጋ ወስዳችሁ ወገቡን አታስረግጡት፣ አታስጠምዝዙት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይሄን ያዙልኝ፦ የወገብ ሕመም ያለበት ሰው ሽንት አልወጣ ካለው ወይም ካመለጠው፣ በብልቱና በመቀመጫው ዙሪያ ከደነዘዘው፣ ወይም ሁለቱም እግሮቹ ከደከሙ ነገ አይባልም። ሌሊትም ቢሆን በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ነርቮቹ ተጨንቀው በቆዩ ቁጥር ሽንቱም እግሩም ላይመለሱ ይችላሉ።