የዓርብ ብር በሰኞ ተመን

ዓርብ ሐምሌ 19 ቀን 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አንድ ዶላር የሚመነዘረው በ57.48 ብር ገደማ ነበር። ሰኞ ሐምሌ 22 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቀው፣ ያው ባንክ ዶላሩን በ74.73 ብር ማስተናገድ ጀመረ። ስለዚያች ሰኞ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ነዳጅ፣ ስለ ዘይት፣ ስለ ዕዳ። በየቤቱ በጎግል ሺት የሚያዘው የቤተሰብ ሒሳብ ግን ወሬውም አልተነሳ። ብዙ ሰው ደግሞ ሳያውቀው የተጣላው እዚያ ላይ ነው።

ሦስት እህትና ወንድም እንውሰድ። ታላቅየው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ መካከለኛዋ ሪያድ፣ ታናሽየው አዲስ አበባ ይኖራሉ። በእናታቸው ግቢ ቤት እየሠሩ ነው፤ ስምምነታቸውም ግልጽ ነው፤ በመጨረሻ የእያንዳንዱ ድርሻ ባዋጣው ልክ ይሆናል። ሒሳቡን የሚይዘው አዲስ አበባ ያለው ታናሽየው ነው። ዓርብ ዕለት ታላቅየው 1,000 ዶላር ላከ፤ ገንዘቡም በባንክ በኩል በዚያው ቀን 57,480 ብር ሆኖ ገባ። ታናሽየውም እኩል ለመሆን ብሎ ከኪሱ 57,480 ብር ለብረትና ለሲሚንቶ ከፈለ። ግማሽ በግማሽ ሆኑ።

ሠንጠረዡ ውስጥ ዶላሩን ወደ ብር የሚቀይረው ቀመር ይህ ነበር፦

```
=D2*GOOGLEFINANCE("CURRENCY:USDETB")
```

ይህ ቀመር የሚያመጣው ገንዘቡ የተላከበትን ቀን ተመን ሳይሆን፣ ሠንጠረዡ በታደሰበት ሰዓት ያለውን ተመን ነው። ስለዚህ አዲሱ ተመን እንደደረሰው የታላቅየው የዓርብ መዋጮ 74,730 ብር ሆነ። የታናሽየው ያው 57,480 ነው። ማንም አንዲት ሳንቲም ሳይጨምር፣ ግማሽ በግማሽ የነበረው ድርሻ 56.5 ለ43.5 ሆነ። በመሃል የታየው 17,250 ብር በማንም እጅ አልገባም፤ አንድ ከረጢት ሲሚንቶም አልገዛም። በቀጣዮቹ ሳምንታት ተመኑ ከ100 ሲያልፍ ደግሞ ታናሽየው ሠንጠረዡን በከፈተ ቁጥር የገዛ ቤቱ ከእጁ እየሸሸ ይታየው ነበር።

«ጋሼ፣ የኔ ድርሻ ለምን ቀነሰ?» ብሎ ቢደውል ታላቅየው ምን ይመልሳል? «ዶላሩ ጨምሮ ነው» ይላል፤ ምክንያታዊም ይመስላል። ግን ትክክል አይደለም። የእሱ ዶላር ዓርብ ዕለት ተመንዝሮ አልቋል፤ ብር ሆኖ ብረት ተገዝቶበታል። ሰኞ የጨመረው ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ያለ ዶላር ነው።

ሠንጠረዡ የሁለት ጥያቄዎችን መልስ አምታትቶ ነው ያቀረበው። አንዱ «ማን ምን ያህል አዋጣ?» የሚል ሲሆን መልሱ በዕለቱ ተመን ተሰልቶ፣ በቁጥር ተጽፎ፣ ከዚያ በኋላ የማይነካ ነው። ሌላው «አሁን በእጃችን ያለው 500 ዶላር ዛሬ ስንት ብር ነው?» የሚል ነው። በየዕለቱ የሚታደስ ተመን ቦታው ይህ ሁለተኛው ብቻ ነው። ላኪው የሐዋላ ደረሰኝ ካለው ደግሞ ለመጀመሪያው ጥያቄ ተመን መፈለግም አያሻም፤ የተላከው ዶላርና የደረሰው ብር ሁለቱም እዚያ ላይ ተጽፈዋል። በተለይ ያኔ ብዙ ገንዘብ ከባንክ ውጪ፣ ከባንኩ በእጅጉ በራቀ ዋጋ ይመነዘር ስለነበር፣ የባንክ ተመን አባዝቶ «ይህን ያህል ልከሃል» ማለት የላኪውን እውነት መካድ ነው።

ችግሩ ደረሰኝም ተመንም ሲጠፋ ነው። ሪያድ ያለችው እህት እሑድ ሐምሌ 21 ቀን 3,000 ሪያል ላከች። ታናሽየው በያዘው የተመን ዝርዝር ላይ የእሑድ መስመር የለም፤ የመጨረሻው የዓርብ ነው። የሪያል ዓምድም ከነጭራሹ የለም። ሠንጠረዡ `#N/A` ብሎ ጮኸ፤ ድምሩም አብሮ ተበላሸ። ታናሽየው ከኢንተርኔት ያገኘውን መፍትሔ አስገባ፦

```
=IFERROR(D4*E4,0)
```

ጩኸቱ ቆመ። የእህትየው መዋጮም ዜሮ ሆነ። ዜሮ ማለት «አላዋጣችም» ማለት እንጂ «አላውቅም» ማለት አይደለም። አንዳንዱ ደግሞ የጠፋውን ተመን በ1 ይተካል፤ ያኔ 3,000 ሪያል 3,000 ብር ይሆናል። ይህ ከዜሮው ይብሳል፤ ዜሮ ዓይን ይስባል፣ 3,000 ግን የእውነት ቁጥር ይመስላል። `#N/A` አስቀያሚ ቢሆንም ሐቀኛ ነው፤ ዝም ከማሰኘቱ በፊት የሚለውን መስማት ይገባ ነበር።

የጎደለው የሪያል ዓምድ በሐቅ ሊሞላ ይችላል። ሪያል ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዶላር ጋር በ3.75 ተሳስሯልና 3,000 ሪያል 800 ዶላር ነው። የጎደለው የእሑድ ተመን ግን ውሳኔ ይጠይቃል። በዓርቡ ተመን ከተሰላ 45,984 ብር፣ በሰኞው ከተሰላ 59,784 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 13,800 ብር ነው። «በመካከላቸው እናድርገው» የሚል ሽማግሌ ቢመጣ 66.1 ይላል፤ በዚያ ዋጋ ግን በዚያ ባንክ እሑድም ሆነ ሰኞ ማንም አልመነዘረም። የሰኞውን ወደ እሑድ መመለስም እሑድ ዕለት ማንም ያላየውን ዋጋ ማስላት ነው።

የተለመደውና የሚያስኬደው መንገድ ከዕለቱ በፊት ያለውን የመጨረሻ የታወቀ ተመን መውሰድ ነው። ዝርዝሩ በቀን ቅደም ተከተል እስከተደረደረ ድረስ ይህን የሚሠራ ቀመር አለ፤ ሁለተኛው መስመር ደግሞ የተገኘው ተመን ስንት ቀን እንዳለፈው ይናገራል፦

```
=VLOOKUP(A4,Rates!A:B,2,TRUE)
=A4-VLOOKUP(A4,Rates!A:A,1,TRUE)
```

የመጀመሪያውን ብዙ ሰው ይጠቀማል፤ ሁለተኛውን የሚጽፍ ጥቂት ነው። ያለ ሁለተኛው ግን ቀመሩ ለዘላለም ወደ ኋላ ይመለከታል። የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ለዩሮ በየሥራ ቀኑ የማጣቀሻ ተመን ያወጣል (ብር በዝርዝሩ ውስጥ የለም)። በመጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የሩሲያን ሩብል ማውጣት አቆመ። በጥቂት ወራት ውስጥ ሩብሉ በእጅጉ ጠነከረ፤ «የመጨረሻውን የታወቀ ውሰድ» ብቻ ተብሎ የታዘዘ ሠንጠረዥ ግን በዚያው በደከመበት ቀን ተመን፣ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ማስላቱን ይቀጥላል። ለቤተሰብ ሒሳብ ሦስት ቀን በቂ ገደብ ነው፤ እሑድንም ሁለት ተከታታይ በዓልንም ይችላል። ከዚያ ያለፈ ከሆነ ሳጥኑ ባዶ ይቀመጥ፤ ከድምሩ ጎንም «3,000 ሪያል ገና አልተመነዘረም» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ።

የእህትየው እሑድ ከገደቡ በታች ነው፤ ተመኑ ሁለት ቀን ብቻ ነው ያለፈው። ስለዚህ ለጊዜው 45,984 ብር ይገባላታል፣ «ግምት» የሚል ምልክትም ይደረግበታል። ባንኩ ገንዘቡን የመነዘረው ሰኞ መሆኑን የሚያሳይ ደረሰኝ ከሪያድ ከመጣ ግን የዓርቡ ተመን ይሰረዛል፤ የደረሰው ብር እንዳለ ይጻፋል፣ ቀመሩም ከሳጥኑ ይወጣል። ለዚህም ሦስቱ አስቀድመው የሚቆጠረው የተላከበት ቀን ይሁን የተመነዘረበት ቀን መስማማት አለባቸው፤ ከሰኞ በኋላ ከሆነማ ማን የትኛውን እንደሚመርጥ የታወቀ ነው።