ቅጹ ላይ የማን ምርጫ ይጻፍ?

ባለፈው ዓመት የልጅ ልጄ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቷን ጨርሳ ለእረፍት አምበር መጣች። ከልብሷና ከመጻሕፍቷ ጋር አንድ የቤት ሥራ ይዛ ነበር። የምትማርበትን የትምህርት ክፍል መርጣ ቅጹን መሙላት አለባት። ጊዜው ሊያበቃ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል።

ማታ ቡና ላይ ጉዳዩ ተነሣ። አባቷ፣ ማለትም ልጄ፣ ያለ ምንም ማመንታት «ምህንድስና ነው የምትገባው» አለ። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ በነርስነት ያገለገልሁ ነኝና «ለጤና ባለሙያ እንጀራ አይጠፋም፤ ነርስነት ወይም አዋላጅነት ትማር» አልሁ። እሷ ሲኒዋን እያሽከረከረች ዝም ብላ ቆየችና «እኔ የምፈልገው እፅዋት ሳይንስ ነው» አለች። አባቷ ሳቀ። «ገበሬ ለመሆን ዩኒቨርሲቲ ምን ያደርጋል? አያትሽ ሳይማሩ አርሰውት የለም ወይ?» አላት። እሷ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያሳሰበኝ የልጅቱ ነገር ብቻ አይደለም፤ የመጨረሻ ልጄ ነገር ነው። እሷንም እንዲሁ ቡና ላይ ተቀምጠን ነበር የወሰንንላት። ታሪክ ትወድ ነበር። ጤና መኮንንነት ተማሪ ብዬ የገፋፋኋት እኔ ነኝ። በ2011 ዓ.ም. በጥሩ ውጤት ተመረቀች፤ የሙያ ፈቃድ ፈተናውንም አለፈች። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ማስታወቂያ ስታነብ ኖረች። አንድ ቀን ከሰሌዳው ተመልሳ «እማዬ፣ በሽተኛማ ሞልቷል፤ መደብ ነው የሌለው» አለችኝ። ዛሬ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አላት። ለእኔ አንድም ቀን ክፉ ቃል ተናግራኝ አታውቅም፤ እኔ ግን ያን ንግግሯን አልረሳሁትም።

የእኔ ስህተት ከየት እንደመጣ አሁን ገብቶኛል። እኔ በ1976 ዓ.ም. በነርስ ዲፕሎማ ስመረቅ ሥራ ፍለጋ የሚባል ነገር አላውቅም። የምደባ ደብዳቤዬን ተቀብዬ በወሩ ሥራ ጀመርሁ። በዚያን ጊዜ አንድ ነርስ የምታገለግለው ሕዝብ ቁጥር ስፍር አልነበረውም። ከዚያ በኋላ አገሩ ተለወጠ። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ፤ ጤና ጣቢያዎች በየወረዳው ተሠሩ፤ የመንግሥትና የግል ኮሌጆች የጤና ተማሪ በብዛት አስመረቁ። ሥራ የሚያስገኘው ግን የበሽተኛ ብዛት አይደለም። ወረዳው ለደመወዝ የያዘው በጀትና የተፈቀደ ክፍት መደብ ነው። አንድ ጤና ጣቢያ ተራ የሚጠብቅ ሰው ሞልቶት፣ ሥራ ፈላጊ ነርስ በሩ ላይ ቆማ፣ ሁለቱ ሳይገናኙ ሊቀሩ ይችላሉ። እኔ ለልጄ የመከርኋት የ1976ቱን ገበያ ነበር።

የልጄም ምክር ከእኔው ዓይነት ነው። እሱ ወጣት ሳለ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው መንገድ ሲሠራ ሾፌር ሆኖ ሠርቷል። በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው አዲሱ የዓባይ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ሲመረቅ ነበረ። ያኔ መሐንዲስ ማለት በመኪና የሚሄድ፣ የሚከበር፣ ደመወዙ የሚወራለት ሰው ነው። ወዲያው መንግሥት ከመቶ ሰባው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲገባ የሚለውን ፖሊሲ አመጣ። ከዚያ ወዲህ ምህንድስና የተመረቀው ብዙ ነው፤ የግንባታው ሥራ ግን በዚያው ፍጥነት አልቀጠለም። ልጄ ዛሬም የሚያየው ያንን ድልድይ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ሁለቱንም ጠርቼ «ዘጠኝ ቀን አለን፤ ሳንመረምር አንዘዝ» አልኋቸው።

መጀመሪያ ገበያውን አየን። ልጅቱን ይዤ ደብረ ማርቆስ ሄድሁና የክፍት ሥራ ማስታወቂያ የሚለጠፍባቸውን ሰሌዳዎች ዞረን አነበብን፤ ጋዜጣ ላይ የወጡትንም ጨመርን። ከእያንዳንዱ ማስታወቂያ አራት ነገር በደብተር ጻፈች፤ የሚጠየቀውን የትምህርት መስክ፣ የሥራ ልምዱን፣ ቦታውንና የቀጣሪውን ማንነት። የሥራ ልምድ የሚለው ዓምድ ትልቅ ትምህርት ሰጠን። ብዙ ሥራ ያለበት የሚመስለው መስክ ሁለትና አራት ዓመት ልምድ የሚጠይቅ ከሆነ ለአዲስ ተመራቂ በሩ ጠባብ ነው። መታየት ያለበት «ዜሮ ዓመት» የሚል ስንት አለ የሚለው ነው።

ሌላም ነገር አስተዋልን። ማስታወቂያዎቹ የመስኮቹን ስም አንድ በአንድ ይዘረዝራሉ። ስሙ በዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ተመራቂ ምንም ጎበዝ ቢሆን «ተዛማጅ አይደለም» ሊባል ይችላል። እፅዋት ሳይንስ የሚለው ስም በግብርና ማስታወቂያዎች ላይ ደጋግሞ ይመጣል። ልጅቱ ሁለተኛ አድርጋ ልትጽፈው የነበረውን አንድ ጠበብ ያለ አዲስ መስክ ግን ባነበብነው ሁሉ አላገኘነውም። እሷው ራሷ ዝቅ አደረገችው።

ቀጥሎ ፍላጎቷን አየን። ፍላጎት ስንል ብዙ ጊዜ ልጁ የነገረንን ቃል ብቻ እንይዛለን። እኔ ግን ሥራውን እንድታየው ፈለግሁ። ከባለቤቴ ወገን ወደ ስናን በኩል ማሳ አለን። ስንዴው ከዓመት ዓመት እየቀነሰ፣ ማዳበሪያ ቢጨመርበትም ቢጫ ሆኖ ይቀራል። በዚያ የሚሠራውን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ለምኜ ሦስት ቀን አብራው ዋለች። ጭቃ ለብሳ ተመለሰችና ማታ ላይ አስረዳችን። ደጋው ዝናብ ስለሚበዛበት ውኃው ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን ከአፈሩ አጥቦ ይወስደዋል፤ አፈሩ አሲዳማ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የማዳበሪያው ፎስፈረስ አፈሩ ላይ ተጣብቆ ይቀርና ተክሉ አያገኘውም። መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ እሱም በሄክታር ብዙ ኩንታል ስለሚፈልግ ማጓጓዣው ይከብዳል። ይህን ስትናገር አባቷ ማንኪያውን አስቀምጦ ያዳምጥ ነበር።

የሠራተኛውንም ብሶት ደብቃ አልቀረችም። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ቤቱ ከመንገድ ይርቃል፤ ከግብርናው ውጪ ያለ ሥራም ይታዘዛል። «ይህን ሁሉ ሰምተሽም?» አልኋት። «አዎ እማማ፣ ይህን ሰምቼም» አለች። አንድ ቀን ደግሞ ከማውቃት ነርስ ጋር ጤና ጣቢያ አዋልኋት። አልጠላችውም፤ ግን ስትመለስ አንድም ጥያቄ አልጠየቀችኝም። እኔም መልሴን አገኘሁ።

ይህ ነገር ድሮ ያን ያህል ላይከብድ ይችል ነበር፤ የማይወደውን መስክ ነጥብ እየሰበሰበ የሚጨርስ ብዙ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ተማሪው ለመመረቅ በመስኩ የመውጫ ፈተና ተፈትኖ ቢያንስ 50 ከመቶ ማምጣት አለበት። የወደቀ እንደገና ይፈተናል፤ ዲግሪው ግን ይዘገያል። ልጁ ማታ ደክሞት እንኳ ገልጦ የማያነበውን መስክ ብናስመርጠው፣ ዋጋው በመጨረሻው ዓመት ይጠየቃል።

ቤተሰቡስ ምን ድርሻ አለው? እኛ በእርግጥ የምናውቀው የኪሳችንን ነው። ልጄን «ስንት ዓመት ልትረዳት ትችላለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። የእፅዋት ሳይንስ ከመጀመሪያው ዓመት ጋር አራት ዓመት ነው፤ ምህንድስና አምስት። ታናሽ ወንድሟም በዚያው ዓመት አሥራ ሁለተኛን ይፈተናል። በዚያ ላይ የልጅቱን የመጀመሪያ ዓመት ውጤት አውጥተን አየነው፤ ባዮሎጂው ጥሩ ነው፤ ሒሳብና ፊዚክሱ እንደነገሩ ነው። አባቷ ወረቀቱን ረጅም ጊዜ ይዞት ቆየና «ምህንድስናው ይቅር» አለ። ፊቱ ግን አዝኖ ነበር፤ እኔም አላጽናናሁትም።

በመጨረሻም ቅጹን እስከ ታች አነበብነው። ልጅቱ ሦስቱን አስባ፣ የቀሩትን ቦታ ለመሙላት ያህል ብቻ ነበር የጻፈቻቸው። ምደባው የሚሠራው ግን በሙሉው ዝርዝር ነው። እንደ ነገረችን በእነሱ ዘንድ ከፍተኛ ነጥብ ያለው ተማሪ በቅድሚያ ይታያል፤ ከመረጣቸው ውስጥ ቦታ ያለው የመጀመሪያው ይሰጠዋል፤ ከሞላ ወደ ቀጣዩ ይወርዳል። እንዲህ ከሆነ ከልብ የሚፈለገውን አንደኛ መጻፍ የሚያስቀርበት ነገር የለም። ስድስተኛና ሰባተኛ ላይ በቸልታ የተጻፈው ግን አንድ ቀን የልጁ ሙያ ሊሆን ይችላል። አሠራሩ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ስለሚለያይ ልጁ ከመሙላቱ በፊት ሬጅስትራሩን ይጠይቅ።

እፅዋት ሳይንስን አንደኛ፣ የአፈር ሀብትና ተፋሰስ አያያዝን ሁለተኛ አደረገች። ሦስተኛ ላይ ቀና ብላ አየችኝና ነርስነትን ጻፈች። «ይህ ያንቺ ነው» አለችኝ። ከታች ካሉት ውስጥ ፈጽሞ የማትፈልገውን አንዱን ወደ መጨረሻው አወረደችው።

አንደኛ ምርጫዋ ደረሳት። ሥራ ታገኛለች ወይ ለሚለው ዛሬ መልስ የለኝም፤ ለመጨረሻ ልጄ እርግጠኛ ሆኜ የሰጠሁትን ዓይነት መልስ ደግሜ አልሰጥም። አባቷ ግን ባለፈው ወር ስልክ ደውሎ «ለስናኑ ማሳ ስንት ኩንታል ኖራ ልግዛ?» ብሎ ሲጠይቃት ሰማሁት። ድምፁ ጮክ ያለ ስለነበር መልሷም ተሰማኝ።

«መጀመሪያ አፈሩ ይመርመር እንጂ አባዬ!»